መልስ፦ የተበላሸ ክፍለ ጊዜን በጊብስ ዑደት መጻፍ

«ደብረ ብርሃን አካባቢ የማስተማር ልምምድ ላይ ነኝ። 5ኛ ክፍል ክፍልፋይ መደመር አስተማርኩ፤ ብዙዎቹ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብለው ጻፉ፣ ሳልጨርስም ተደወለ። ጆርናሉን በጊብስ ዑደት እንዴት ልጻፈው?»

ወንድሜ፣ አይዞህ። የጊብስ ዑደት ከገጠመህ ነገር ለመማር መለስ ብለህ የምትጽፍበት መንገድ ነው፤ ስድስት ደረጃ አለው፦ ገለጻ፣ ስሜት፣ ግምገማ፣ ትንተና፣ ማጠቃለያ፣ የድርጊት ዕቅድ። ብዙ ሰልጣኝ ገጹን በገለጻ ይጨርሰዋል። አንተ ገለጻውንና ስሜቱን በጥቂት መስመር ዝጋቸው። ግምገማው ላይ ጥሩ የሄደውንም ጻፍ፤ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ መሞከራቸው ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉልበትህን ትንተናው ላይ አድርግ። «ተማሪዎቹ ደካማ ናቸው» ትንተና አይደለም። 2/5 ከየት መጣ? ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረው ነው፤ ክፍልፋዩን እንደ ሁለት የተለያዩ ሙሉ ቁጥሮች ነው ያዩት ማለት ነው። ደግሞ 2/5 ከ1/2 ያንሳል፣ ተደምሮ እንዴት ያንሳል? ይህን እንዲያዩ የሚያደርግ ነገር ክፍሉ ውስጥ ነበር ወይስ ሰሌዳው ላይ ሕጉ ብቻ ነበር? እዚህ ጋ በደንብ ቆይ።

ማጠቃለያው ከዚሁ ይወጣል፦ «ከሕጉ በፊት መጠኑን ማሳየት ነበረብኝ።»

«በደንብ እዘጋጃለሁ» የሚል ዕቅድ ግን አይረባም፣ ሱፐርቫይዘሩም አይቀበልህም። እንዲህ በለው፦ «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ ወረቀት 6 እኩል ቦታ ያጥፋል። ግማሹ 3፣ ሲሶው 2፣ አንድ ላይ 5/6። ከመደወሉ 5 ደቂቃ በፊት 1/2 + 1/4ን በብጣሽ ወረቀት ሠርተው ይሰጡኛል።» ብጣሾቹ ላይ 2/6 ከበዛ፣ ወደ ወረቀቱ ትመለሳለህ።