የመጀመሪያው መልስ እና መርጁ፦ ሁለቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ ማን ነው?

«ሰባት ሆነን እንሠራለን፤ አራታችን ደሴ፣ ሦስታችን ኮምቦልቻ። ፑል ሪኩዌስት ተከፍቶ መርጅ እስኪሆን 5 ቀን ይፈጃል። አለቃችን ሪቪው ቶሎ አድርጉ ይላል። የትኛውን እንከታተል፣ የመጀመሪያውን መልስ ወይስ የመርጁን ጊዜ?»

ሁለቱንም ተከታተሉ፤ አንዱን በሌላው ቦታ ግን አታንብቡት። የመጀመሪያው መልስ የሚናገረው ስለ ሪቪው አድራጊዎቹ ነው፤ ኮዱ ሰው ዓይኑን እስኪጥልበት ድረስ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ ያሳያል። የመርጁ ጊዜ ግን ይህንን ጥበቃ ጨምሮ ኮዱን የጻፈው ሰው ለማረም የወሰደበትን፣ ዳግም እስኪታይ የቆየበትን፣ ከተፈቀደ በኋላም ሳይገባ የዋለበትን ሁሉ ይደምራል። ስለዚህ «5 ቀን» ሲባል መዘግየቱ በማን እጅ እንደሆነ ገና አልታወቀም።

አንድ የመጋዘን ሪፖርት የሚጨምር ፑል ሪኩዌስት ለምሳሌ እንውሰድ። ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ደሴ ላይ ተከፈተ። ኮምቦልቻ ያለው ሰው አርብ ረፋድ 4 ሰዓት አይቶ አስተያየት ጻፈ፤ 19 ሰዓት መሆኑ ነው። እርማቱ የመጣው ሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ 76 ሰዓት። በ2 ሰዓት ውስጥ ዳግም ታይቶ ተፈቀደ። መርጅ የሆነው ግን ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ሌላ 24 ሰዓት። ድምሩ 121 ሰዓት፣ ማለትም 5 ቀን ከ1 ሰዓት።

አሁን ተመልከቱት። ሪቪው አድራጊው የያዘው 19 እና 2፣ በጠቅላላው 21 ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ሐሙስ 11:30 ከሥራ ተወጥቶ አርብ 2:30 እንደሚገባ ብናስብ፣ 19ኙ ሰዓት በሥራ ሰዓት ሲቆጠር 4 ብቻ ይሆናል። ይህ ሰው የሚያስወቅስ ነገር የለበትም፤ «ቶሎ አድርግ» ቢባል የሚቆጠበው እዚህ ግባ አይባልም። ጊዜው ያለው እርማቱ ላይ ነው። ከ76ቱ 48ቱ ቅዳሜና እሑድ ነው እንበል፤ ቀሪውን 28 ግን ምን በላው? የተጻፈውን አስተያየት ከፍታችሁ አንብቡ። «ይህ ለሦስት ይከፈል» ወይም «ሠንጠረዡ እንዲህ መሆን አልነበረበትም» የሚል ከሆነ ችግሩ የፑል ሪኩዌስቱ ትልቅነት፣ ወይም ኮድ ከመጀመሩ በፊት ንድፉ ላይ አለመነጋገራችሁ ነው። የመጨረሻው 24 ደግሞ ብዙ ጊዜ መርጁን ማን ይጫነው የሚለው ስላልተወሰነ ነው፤ ይህ በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። የመጀመሪያው መልስ ሁለት የሥራ ቀን ፈጅቶ ከዚያ በኋላ ያለው በግማሽ ቀን የሚያልቅ ከሆነ አለቃችሁ ልክ ናቸው። ያኔም ሁሉም ፑል ሪኩዌስት ወደ አንድ ሰው እየሄደ እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ።

ኮዳችሁ ጊትሃብ ላይ ከሆነ ቁጥሩን ለማውጣት ይህ የgh ትእዛዝ ይበቃል፦

```
gh pr list --state merged --limit 50 \
  --json number,author,createdAt,mergedAt,reviews \
  --jq '.[] | .author.login as $a | [.number, .createdAt,
  ([.reviews[] | select(.author.login != $a) | .submittedAt] | min),
  .mergedAt] | @tsv'
```

ሰዓቱ በዩቲሲ ነው የሚወጣው፤ 3 ስትቀንሱለት የእኛ ሰዓት ይሆናል (12:00 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት)። ትእዛዙ ኮዱን የጻፈው ሰው ለራሱ የሰጠውን መልስ ያስወጣል፤ ሪቪው የሚያደርግ ቦት ካላችሁ ግን ስሙን እናንተ ጨምራችሁ አስወጡት። ቦት በ2 ደቂቃ ስለሚመልስ ካልወጣ የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ ያማረ ሆኖ ይታያችኋል። ድራፍት ሆኖ የተከፈተም ካለ createdAt የሚቆጥረው ከድራፍቱ ጀምሮ ነው፤ እነዚያን ለብቻ እዩአቸው። በሰባት ሰው ቡድን አማካይ አትውሰዱ፤ አንድ ለወር የተረሳ ፑል ሪኩዌስት ሁሉንም ይጎትተዋል። ሚዲያኑን ውሰዱ፣ የረዘሙትን አምስቱን ደግሞ አንድ በአንድ ክፈቷቸው።

የመጀመሪያውን መልስ ግብ ካደረጋችሁት «እሺ፣ አየዋለሁ» የሚል አስተያየት መብዛቱ አይቀርም። ከላይ ያለው ትእዛዝ ሪቪውን ብቻ ስለሚቆጥር ተራ አስተያየት አያታልለውም፤ ባዶ ሪቪው ግን ያታልለዋል። መታለሉን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው መልስ ወደ 1 ሰዓት ይወርዳል፣ የመርጁ ጊዜ ግን ካለበት አይነቃነቅም።

ሌላው የሚዘነጋው፣ ይህ ዝርዝር የሚያሳየው መርጅ የሆኑትን ብቻ መሆኑ ነው። ማንም ሳይመልስላቸው ተከፍተው የቀሩት ቁጥሩ ውስጥ የሉም፤ ከሁሉ የከፋው መዘግየት ደግሞ እዚያ ነው ያለው። `--state open` ብላችሁ ድጋሚ አስኪዱትና ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነባቸውን ዛሬውኑ ተከፋፈሏቸው።