የ74 ነጥብ ጉዳይ፦ ቁጥር መድገም ምን ይለካል?

«ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ቤት የምናወራው አዊኛ ነው። ባሕር ዳር የአእምሮ ችሎታ ፈተና በአማርኛ ተፈትኖ 74 አመጣ፣ "ዝቅተኛ" ተባልን። እውነት አእምሮው ደካማ ነው?»

እህቴ፣ ከዚህ ቁጥር ብቻ እንዲህ ሊባል አይገባም። ቁጥር ሰምቶ መድገም የሚባለውን ክፍል ብቻ ልውሰድ። ፈታኙ «አራት፣ ዘጠኝ፣ ሁለት» ይላል፣ ልጁ ይደግማል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተደረገው ትርጉም ምንም ስህተት የለበትም። ግን በእንግሊዝኛ ከ1 እስከ 9 ያሉት፣ ከ7 በቀር፣ በአንድ ትንፋሽ ቶሎ የሚባሉ ባለ አንድ ክፍለ ቃል ናቸው። የእኛዎቹ አብዛኞቹ ባለ ሁለት ናቸው። ለመጥራት ረዘም የሚሉ ቃላት ደግሞ በአንዴ የሚያዙት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ልጁ የደገመው ወደ ነጥብ የሚቀየርበት የማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ ከአሜሪካ ልጆች ውጤት የተሠራ ከሆነ፣ በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅ እንኳ ያለጥፋቱ ነጥብ ሊያጣ ይችላል። የእርስዎ ልጅ ደግሞ የደገመው በሁለተኛ ቋንቋው ነው።

መጀመሪያ ፈታኙን «ሰንጠረዡ የየት አገር ልጆች ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ አዊኛ በደንብ የሚችል ሰው በሌላ ቀን፣ በሌሎች ቁጥሮች ይሞክረው። ቁጥሮቹን ስለለመዳቸው እንዳይመስል ነው የሚቀየሩት። በአማርኛ 3፣ በአዊኛ 5 ከደገመ፣ ያ ክፍል በአብዛኛው የለካው አማርኛውን ነው። በአዊኛም 3 ላይ ከቆመ፣ አስቀድመው ጆሮውን ያስመርምሩት።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ የአዊኛውን ውጤት በዚያው ሰንጠረዥ ወደ ነጥብ መቀየር አይቻልም። እንደሱ አዊኛ እያወሩ ካደጉ እኩዮቹ ጋር ያስተያዩት።