8 በመቶ የሚከፍል ቦንድ ገበያው 10 በመቶ ሲገባ ለምን 924 ብር ይሆናል?

ጥያቄ፦ «የ1,000 ብር ቦንድ አለኝ። በዓመት 8 በመቶ ይከፍላል፣ 5 ዓመት ይቀረዋል። አሁን የገበያው ወለድ 10 በመቶ ገብቷል። ልሸጠው ብጠይቅ 924 ብር አካባቢ አሉኝ። ቦንዱ የሚከፍለው ሳይቀነስ ዋጋው ለምን ወረደ? 924ስ ከየት መጣ?»

ዋጋው የወረደው ወለዱ በውል የታሰረ ስለሆነ ነው። ከገበያው ጋር አብሮ የሚስተካከል ተንሳፋፊ ወለድ ቢሆን ኖሮ ክፍያው ወደ 10 በመቶ ይጠጋና ዋጋውም ከ1,000 ብዙም አይርቅም ነበር። የእርስዎ ቦንድ ግን ገበያው የትም ይሂድ የት በዓመት 80 ብር ብቻ ነው የሚከፍለው። ክፍያው መላወስ ካልቻለ ሊላወስ የሚችለው ዋጋው ብቻ ነው።

ራስዎን በገዢው ቦታ ያስቀምጡ። በኪሱ 1,000 ብር አለ። ዛሬ የወጣ፣ ስጋቱም ጊዜውም ከእርስዎ ጋር እኩል የሆነ አዲስ ቦንድ ቢገዛ በዓመት 100 ብር ያገኛል። የእርስዎ 80 ይሰጠዋል። ሁለቱም በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 1,000 ብሩን ይመልሳሉ። ስለዚህ የእርስዎን የሚገዛው በየዓመቱ 20 ብር፣ ለ5 ዓመት፣ ይጎድልበታል። ያንን ጉድለት ከዋጋው ላይ አሁኑኑ ካልቀነሱለት አይገዛም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «20 ሲባዛ በ5፣ 100 ብር፤ ስለዚህ ዋጋው 900 መሆን አለበት» ይላል። አይደለም። የሚጎድሉት 20 ብሮች ዛሬ ሳይሆን አንዱ ከዓመት በኋላ፣ አንዱ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እያለ የሚመጡ ናቸው። ቅናሹ ግን ዛሬ በእጅ የሚገባ ገንዘብ ነው፤ ገዢው ያንን ገንዘብ በ10 በመቶ ሊያሠራው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን 20 ብር ወደ ዛሬ ዋጋ እንመልሰዋለን፤ ለአንድ ዓመት በ1.10 አንድ ጊዜ፣ ለሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ እያካፈልን። የመጀመሪያው 18.18፣ ሁለተኛው 16.53፣ ሦስተኛው 15.03፣ አራተኛው 13.66፣ አምስተኛው 12.42 ይሆናል። ድምሩ 75.82 ነው። ከ1,000 ሲቀነስ 924.18። የነገሩዎት ዋጋ ይኸው ነው።

በመጻሕፍት የሚገኘው መንገድ 80ዎቹንም የመጨረሻውን 1,080ም አንድ በአንድ በ1.10 እያካፈሉ መደመር ነው፤ ውጤቱ ያው 924.18 ነው። እኔ ግን የጉድለቱን መንገድ እመርጣለሁ፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ያሳያል።

ዋጋው ትክክል መሆኑን ለማየት የገዢውን ገንዘብ በየዓመቱ ይከተሉት። 924.18 ብር በ10 በመቶ በዓመቱ 1,016.60 ይሆናል። ከዚያ ላይ ቦንዱ 80 ብር ስለከፈለ የሚቀረው 936.60 ነው። በሁለተኛው ዓመት እንዲሁ አድጎ 80 ሲወጣለት 950.26፣ በሦስተኛው 965.29፣ በአራተኛው 981.82፣ በአምስተኛው ልክ 1,000 ይሆናል። ገዢው በየዓመቱ ሙሉውን 10 በመቶ አገኘ ማለት ነው፤ ከፊሉን በ80 ብሩ፣ ከፊሉን ዋጋው ወደ 1,000 እየወጣ ሲሄድ። ከዚህ ሌላ ነገርም ይታያል፦ የገበያው ወለድ እዚያው 10 ላይ ቢቆም እንኳ ቦንዱ እየዋለ እያደረ ወደ 1,000 ይመለሳል።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት 80ን በ10 በመቶ አካፍሎ 800 ማለት ነው። ያ ሒሳብ የሚሠራው ዋናው ገንዘብ መቼም ለማይመለስበትና ወለድ ብቻ ለዘላለም ለሚከፍል ቦንድ ነው። የእርስዎ በ5 ዓመት 1,000 ብር ስለሚመልስ ያን ያህል አይወርድም።

ጊዜው ያለውን ጉልበት ከዚሁ መረዳት ይቻላል። ይኸው 8 በመቶ ቦንድ አንድ ዓመት ብቻ ቢቀረው የሚጎድለው አንድ 20 ብር ስለሆነ ዋጋው 981.82 ነው። 20 ዓመት ቢቀረው ግን ሃያ ጊዜ ስለሚጎድል ወደ 829.73 ይወርዳል። የወለዱ ለውጥ በሦስቱም ላይ ያው 2 ነጥብ ነው፤ ጉዳቱ የተለያየው በቀሪው ዘመን ነው። ወለድ ይጨምራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አጭር ጊዜ የቀረው ቦንድ የሚይዘው ለዚህ ነው። በተቃራኒው ገበያው ወደ 6 በመቶ ቢወርድ የእርስዎ ባለ 5 ዓመት ቦንድ 1,084.25 ይሆናል። ልብ ካሉ ጭማሪው 84.25፣ ቅናሹ 75.82 ነው፤ እኩል አይደሉም። ወለዱ ዝቅ ሲል የነገው ገንዘብ የሚካፈልበት ቁጥር ስለሚያንስ ወደ ላይ ያለው ጉዞ ይረዝማል።

በኤክሴል ለማስላት ይህን ይጻፉ፦

```
=PV(10%,5,-80,-1000)
```

የመቀነስ ምልክቶቹን ከዘነጉ መልሱ በአሉታዊ ይመጣል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። የከፋው ስህተት ወለዱ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚከፈልበት ቦንድ ላይ ነው የሚሠራው። ሰው 80ን ወደ 40 ይከፍልና ምጣኔውን 10፣ ዘመኑን 5 አድርጎ ይተወዋል። ሦስቱም አብረው መቀየር አለባቸው፦

```
=PV(5%,10,-40,-1000)
```

ይህ 922.78 ይሰጣል። ከ800 በታች የሆነ ቁጥር ካዩ ምጣኔውን ሳይቀይሩ ቀርተዋል ማለት ነው። ደግሞ የሚሸጡት ከወለድ መክፈያው ቀን በኋላ ጥቂት ወራት ቆይቶ ከሆነ፣ እስከዚያ ቀን የተጠራቀመው ወለድ ለብቻ ተሰልቶ ይጨመርልዎታል። የተነገረዎት ዋጋ እሱን ያካተተ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ።

«ካልሸጥኩትስ?» ካሉ፣ አውጪው እስከከፈለ ድረስ 80 ብሩም በመጨረሻ 1,000 ብሩም ሳይጎድል ይደርስዎታል። ጉዳቱ ግን አልጠፋም፤ መልኩን ቀየረ እንጂ። በ924.18 ሸጠው ያንኑ ገንዘብ በ10 በመቶ ቢያሠሩትና በየዓመቱ 80 ብር ቢያወጡለት፣ ከላይ እንዳየነው በአምስተኛው ዓመት በእጅዎ የሚኖረው ልክ 1,000 ነው። ይዘው ቢቆዩም ያው 1,000። ስለዚህ «እስኪመለስልኝ ልጠብቅ» ብሎ መያዝ ከመሸጥ አያተርፍም፣ አያከስርምም፤ የሽያጭ ኮሚሽንና ግብር ካለ ግን መያዙ ይሻላል።

የሚያስፈራው ሳይፈልጉ መሸጥ ሲመጣ ነው። የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ በወለድ ዝቅተኛ ዘመን ብዙ ረጅም ጊዜ ያላቸው ቦንዶች ገዝቶ ነበር። ከመጋቢት 2022 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ማዕከላዊው ባንክ ወለድ ደጋግሞ ሲጨምር የቦንዶቹ ዋጋ ወረደ። ይዞ መቆየት ቢችል ክፍያቸው ይመጣለት ነበር፤ አስቀማጮች ገንዘባቸውን እያወጡ ሲሄዱ ግን መጋቢት 2023 ላይ 21 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ ሰነዶችን ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ያህል መክሰሩን አስታወቀ። በሁለት ቀን ውስጥ ተዘጋ። ስለዚህ የእርስዎን ለመወሰን መጀመሪያ የሚጠይቁት ገንዘቡን በእነዚህ 5 ዓመታት ውስጥ ይፈልጉት እንደሆነ ነው። የሚፈልጉ ከሆነ ወለዱ እንደገና ቢጨምር የሚሸጡበት ዋጋ ከ924ም ዝቅ ሊል ይችላል።