ሱቅ ሲሰረቅ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው

ሰሞኑን የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሱቅ ስርቆት ኢንሹራንስ ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ። የውሎች አጻጻፍ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ የራሳችሁን ፖሊሲ አውጥታችሁ እያያችሁ አንብቡ።

«የሞባይል ዕቃ ሱቅ አለኝ። ጠዋት ስመጣ ጓጉንቸሩ ተከፍቶ መሬት ላይ ወድቋል፤ አልተሰበረም። ዕቃው ግን የለም። ኢንሹራንሱ የሰበራ ምልክት የለም ብሎ አልከፍልም አለኝ። መብቱ ነው?»

በእርግጥም ምልክት ከሌለ መብቱ ነው። ግን ምልክት አለመኖሩን ገና አላረጋገጥክም። ይህ ኢንሹራንስ ማንኛውንም ስርቆት አይሸፍንም። የሚሸፍነው ሌባው በኃይል ሰብሮ ሲገባ ነው፤ ብዙ ውሎች ደግሞ ሱቁ ሲዘጋ ውስጥ ተደብቆ ቀርቶ ሰብሮ የወጣውንም ይጨምራሉ። ቀን ላይ ደንበኛ መስሎ ስልክ ኪሱ የከተተ፣ ቆጠራ ላይ ጎድሎ የተገኘ ዕቃ፣ በተቀዳ ቁልፍ የተከፈተ በር፣ እነዚህ ሁሉ ውጪ ናቸው። ቁልፉን አስፈራርተው ወይም ደብድበው ከእጅህ ከነጠቁህ ነገሩ ይለያል።

አሁን ወደ ጓጉንቸሩ ተመለስ። ርካሽ ጓጉንቸር ሳይቆረጥም በብረት ተፈልቅቆ ሊከፈት ይችላል፤ ያኔ ግን ምልክት መተዉ አይቀርም። የቁልፍ ማስገቢያውን ቀዳዳ በባትሪ እያበራህ እየው፣ አዲስ የሚያብረቀርቅ ጭረት አለ? ቀለበቱ ትንሽ ጎብጧል? በሩ ላይ ያለው ማያያዣ ብረት ብሎኑ ላልቷል፣ ወይም ከእንጨቱ ተነቅሎ ተመልሷል? ጣራውንም ውጣና እይ፤ ቆርቆሮ አንስቶ ገብቶ በበሩ የሚወጣ ሌባ ብዙ ነው። ያገኘኸውን ሁሉ ፎቶ አንሳ። ጓጉንቸሩን አትወልውለው፣ መልሰህም አትጠቀምበት፣ በወረቀት ጠቅልለህ አስቀምጥ። የፖሊስ ማስረጃው «ዕቃ ተሰረቀ» ብቻ ካለ ለአንተ ብዙም አይረባም። ምልክቱ የት እና ምን ዓይነት እንደሆነ እንዲጻፍልህ ጠይቅ። ከዚያ ኢንሹራንሱ እምቢ ያለበትን የውል አንቀጽ ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጥህ አድርግ።

ላልተሰረቃችሁት ደግሞ፦ ንግድ ሕጋችን አደጋ መድረሱን ለኢንሹራንሱ ለማሳወቅ 5 ቀን ይሰጣል። እናንተ ግን በዚያው ጠዋት ደውሉ፤ ሱቁን ከማጽዳታችሁ በፊት። ሰው ደንግጦ መጀመሪያ የሚያደርገው መጥረጊያ ማንሳት ነው፣ የተበተነውን ሲሰበስብ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል።

«እኔና ጎረቤቶቼ አምስት ሱቆች ሆነን አንድ የማታ ዘበኛ ቀጥረናል። ለኢንሹራንሱ ይበቃል?»

እናቴ፣ እሱን የሚወስነው ውሉን ሲገቡ ቅጹ ላይ የሞሉት ነገር ነው። «የማታ ጥበቃ አለ ወይ?» ለሚለው «አዎ» ብለው ከፈረሙ፣ ኩባንያው አረቦኑን ያሰላው ያንን አምኖ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ውሉ ውስጥ እንደ ግዴታ ተደርጎ ይገባል። እና በተሰረቀበት ሌሊት ዘበኛው ዘመድ ሞቶበት አገር ቤት ሄዶ ከነበረ፣ ምትክም ካልቆመ፣ በሩ ተሰባብሮ ቢገኝ እንኳ ክፍያው ጭቅጭቅ ውስጥ ይገባል።

ዘበኛውን መካፈላችሁ በራሱ ችግር የለውም። ግን ቅጹ ላይ «ለአምስት ሱቅ አንድ ጥበቃ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት» ተብሎ እንዳለ ይጻፍ። ከዘበኛው ጋርም የጽሑፍ ውል ይኑራችሁ፣ ማታ ሲገባና ጠዋት ሲወጣ የሚፈርምበት ደብተርም አንድ ሱቅ ውስጥ አስቀምጡ። አንድ ነገር ግን ይወቁት። ዘበኛው ራሱ ከሌባው ጋር ተባብሮ ከተገኘ ይህ ፖሊሲ አይከፍልም፤ ሠራተኛ ወይም የቤተሰብ አባል እጁ ያለበት ስርቆት ከሽፋኑ ውጪ ነው። ለሠራተኛ እምነት ማጉደል ሌላ የኢንሹራንስ ዓይነት አለ፣ ለብቻው ይገዛል።

«በሲም ካርድ የሚሠራ አላርም አስገብቻለሁ፣ በር ሲከፈት ስልኬ ላይ ይደውላል። አረቦን ይቀንሱልኛል?»

ሊቀንሱልህ ይችላሉ፣ ጠይቅ። ግን ቅናሹን ከመቀበልህ በፊት የሚከተለውን አስብ። አላርም አለኝ ብለህ ቅናሽ ካገኘህ፣ አላርሙ በየምሽቱ መሥራት አለበት የሚል ግዴታ አብሮ ይመጣል። የሲም አላርም ደግሞ የሚከዳው በቀላል ነገር ነው። ሲሙ ውስጥ ሂሳብ አልቋል፤ ወይም መብራት ጠፍቶ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም አንተ ሌሊት ስልክህን ዘግተህ ተኝተሃል። በሳምንት አንድ ቀን ሱቁን ከዘጋህ በኋላ አላርሙን አብራና በሩን ክፈተው፣ ስልክህ ይጮሃል? ከዚያ ከግድግዳው ሶኬት ነቅለህ እንደገና ሞክር። የሞከርክበትን ቀን ጻፍ። ከተበላሸም በዚያው ቀን ለኩባንያው አሳውቅ፣ እስኪጠገን ዘበኛ አቁም።

«የቀኑን ሽያጭ ካዝና ውስጥ አሳድራለሁ። ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ እተዋለሁ፣ ይዤ መሄድ ስለምፈራ። ችግር አለው?»

አለው፣ ትልቅ ችግር። ተራው የሱቅ ስርቆት ፖሊሲ ጥሬ ገንዘብን ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም። ሲሸፍንም እስከ ተወሰነ መጠን፣ በተቆለፈ ካዝና ውስጥ ሲያድር፣ ካዝናውም በኃይል ሲከፈት ነው። ቁልፉ ሱቁ ውስጥ አድሮ ሌባው በእሱ ከከፈተው ካዝና እንደሌለሽ ይቆጠራል። ቁልፉ ከሱቁ ይውጣ፤ የመጠባበቂያው ቁልፍም ጭምር። ካዝናው ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከነገንዘቡ ተሸክመውት ይሄዳሉ፤ ከሲሚንቶው ወለል ጋር በብሎን ይታሰር። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከመዝጋትሽ በፊት ባንክ ማስገባት ነው።

«ሱቄ በ800,000 ብር ኢንሹራንስ ተገብቶለታል። የተሰረቀው የ300,000 ብር ዕቃ ነው። ሙሉውን ለምን አይከፍሉኝም?»

ምክንያቱም በተሰረቀበት ሌሊት ሱቅህ ውስጥ የነበረው ዕቃ ስንት ያወጣል የሚለውን ስለሚያዩ ነው። ከስርቆቱ በፊት 1,200,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ነበረህ እንበል። ያስገባኸው 800,000 ነው፣ ማለትም ከሦስት እጅ ሁለቱን። የጎደለውን አንድ እጅ ራስህ እንደተሸከምከው ይቆጠራል። ስለዚህ ከ300,000 ላይ የሚደርስህ 200,000 ነው። ውልህ ላይ 10 ከመቶ ተቀናሽ ካለ 20,000 ይወጣና 180,000 ብር እጅህ ይገባል።

ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ይጎዳል፤ ዕቃ በየወሩ እየተወደደ ኢንሹራንሱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ያው የአምናው ነው። ዋጋ ሲጨምር፣ ለበዓልም ብዙ ዕቃ ስታስገባ፣ ደውለህ የተገባበትን መጠን አስጨምር። ደረሰኝና የዕቃ መዝገብ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ብቻ አይደር፤ መጥፋቱን የምታሳየው በእነሱ ነው፣ በየሳምንቱ በስልክ ፎቶ አንስተህ ለቤተሰብ ላክ። ካሳው ከተከፈለህ በኋላም የሽፋኑ መጠን በተከፈለው ልክ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ተጨማሪ አረቦን ከፍለህ ወደ ቦታው እንዲመለስ ጠይቅ። ሌባ አንዴ የገባበትን ሱቅ ያውቀዋል፣ አዲስ ዕቃ መግባቱንም ያያል።