ከጨብሲ በኋላ የእንቅልፍ ክኒን፦ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ

የከዚራ ልጅ፦ ቅሜ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ 3 ቢራ ለጨብሲ፣ ከዚያ አንድ ዲያዜፓም። ችግር አለው?

ፋርማሲስቱ፦ አለው። አልኮሉም ክኒኑም አንጎልህ ውስጥ የሚረግጡት አንድ ፍሬን ነው። ተኝተህም የሚያስተነፍስህ የአንጎል ክፍል ደምህ ውስጥ የተጠራቀመውን የተቃጠለ አየር እየለካ ነው። ሁለቱ ሲደረቡ መለኪያው ይደነዝዛል፤ አየር ቢያጥርህም አትባንንም።

ሰዓቱን አስላው። ጫቱን 12 ሰዓት ተፋህ፣ 2 ሰዓት ቢራ ጀመርክ፣ 4 ሰዓት ክኒኑን ዋጥክ። ምርቃናው ገና አልለቀቀህምና «አልያዘኝም» ብለህ ሁለተኛ ትደግማለህ። ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው። ጫቱ በሰዓታት ውስጥ ይለቅሃል። ዲያዜፓም ግን ግማሹ እስኪወጣ ብቻ ከቀን በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የሚያነቃህ የለም፣ ሁለቱ ክኒንና ቢራው ግን አሉ።

አቦ፦ አቦ አታስፈራራ! ጫቱ ያነቃል፣ ክኒኑ ያስተኛል፣ ይጣጣላሉ። የአወዳይ ከሆነ ደግሞ...

የሳቢያኑ፦ የአወዳይ ድሮ ቀረ።

ፋርማሲስቱ፦ የጫት ገበያ ሌላ ቦታ! አቦ፣ ማንቃቱ ልክ ነህ። ግን አይጣጣሉም፤ ጫቱ ድንዛዜውን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም።

እህት፦ መድኃኒት ከመጠጥ ጋር ይሆናል?

ፋርማሲስቱ፦ የትኛው መድኃኒት? ስሙን ጻፊልኝ።

እህት፦ ለሚያሳክከኝ የሚያስተኛ ሽሮፕ፣ ፕሮሜታዚን። ሰርግ አለብኝ።

ፋርማሲስቱ፦ እሱን ከወሰድሽ አትጠጪ። ብቻውን ጤነኛ አዋቂን ትንፋሽ የሚያሳጥረው እምብዛም ነው። ከመጠጥ ጋር ግን እንቅልፉ ይከብዳል፣ ያስመለሰ ሰው ሳይነቃ ትውኪያው ወደ ሳንባ ይገባል። የጉንፋን ክኒን ውስጥ ያለው ክሎርፌኒራሚንም ያው ነው። የማያስተኛ የአለርጂ መድኃኒት አለ፣ ሐኪምሽን ጠይቂ።

የሳቢያኑ፦ ወንድሜ አንድ ሌሊት እንዲህ አንኮራፋ። ይተኛ ብለን ተውነው።

ፋርማሲስቱ፦ ማንኮራፋቱ እንደ ውሃ የሚንቦጫረቅ ከሆነ አይተውም። ትከሻውን ነቅንቁት፣ ጥሩት። ካልነቃ ወይም በደቂቃ ከ10 በታች ከተነፈሰ፣ ወይም የከንፈሩ ውስጥና ጥፍሩ ከጠቆረ 907 ደውሉ። እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ቡና አታጠጡት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉበት። ትንፋሹ ከቆመ ደረቱን መጫን ጀምሩ።

ሌላ ጠያቂ፦ ታዲያ ከመጨረሻው ቢራ ስንት ሰዓት ልቆይ?

ፋርማሲስቱ፦ ሦስተኛ ሰው ጠየቀኝ! በአንድ ሰዓት የሚወጣው በግምት አንድ ቢራ ነው። የትናንቱ ዲያዜፓም ግን ዛሬም አለ፤ ስለዚህ የሰዓት ቁጥር አልሰጥም። በየቀኑ የምትወስዱትም በድንገት አታቁሙ፣ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፤ ሐኪም ቀስ እያለ ይቀንሰው።

አቦ፦ እኔ አስር ዓመት እንዲሁ ነው የማደርገው፣ አለሁ።

ፋርማሲስቱ፦ ማታ ማን ነው አጠገብህ የሚተኛው?

አቦ፦ ብቻዬን ነኝ።