ከመቶው ሰባውን አሸንፎ የከሰረ መዝገብ

ውድ ወጣቶች፣

በምንዛሪ ገበያ የምትጠቀሙበትን ስልት ስታስረዱኝ፣ አብዛኞቻችሁ አስቀድማችሁ የምትነግሩኝ ከ100 ግብይት ስንቱን እንዳሸነፋችሁ ነው። እኔም በጀማሪነቴ የምኮራው በዚሁ ቁጥር ነበር። ዩሮን በዶላር እየገዛሁና እየሸጥሁ በመዘገብኋቸው የመጀመሪያዎቹ 100 ግብይቶች ውስጥ 70ዎቹ አትርፈው 30ዎቹ ብቻ ቢከስሩም፣ የሒሳቤ ቀሪ በ110 ዶላር ቀንሶ አገኘሁት።

ያተረፉት 70 ግብይቶች በአማካይ 7 ዶላር ሲያስገኙ፣ የከሰሩት 30ዎቹ በአማካይ 20 ዶላር ወስደዋል። ስለዚህ የገባው 490፣ የወጣው 600 ዶላር ነው፤ ልዩነቱ ለ100 ሲካፈል በእያንዳንዱ ግብይት 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም እከስር ነበር ማለት ነው። ነጋዴዎች ኤክስፔክታንሲ የሚሉት ይህንን በአንድ ግብይት በአማካይ የሚጠበቅ ውጤት ነው። የሁለት ሰዎችን ስልት ለማነጻጸር በዶላር ፋንታ በአማካይ ኪሳራ መለካት ይሻላል፤ ቀመሩም እንዲህ ይጻፋል፦

```
E = W × R − (1 − W)
```

W ካሉት ግብይቶች ያሸነፉት ድርሻ ሲሆን፣ R ደግሞ አማካይ ትርፍ ለአማካይ ኪሳራ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በእኔ መዝገብ R 0.35 ስለነበር፣ 0.70 × 0.35 − 0.30 ሲሰላ −0.055 ይሆናል። በዚህ R ላይ ሳይከስሩና ሳያተርፉ ለመውጣት እንኳ 1 ለ1.35 ተካፍሎ የሚገኘውን፣ ማለትም 74 በመቶ ገደማ ማሸነፍ ያስፈልጋል። እኔ የኮራሁበት 70 በመቶ ከዚህ በታች ነበር። R 2 ለሆነለት ሰው ግን ከሦስት አንዱን ማሸነፍ ይበቃዋል፤ የማሸነፍ መጠን ብቻውን ስለ ስልቱ ምንም አይነግርም የምላችሁ ለዚህ ነው።

ቁጥሩ አሉታዊ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ምክንያቱን ለማግኘት ኪሳራዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ስልቴ ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም ኪሳራው የተወሰነ መጠን ሲደርስ ግብይቱን በራሱ የሚዘጋው ትእዛዝ፣ በ12 ዶላር ኪሳራ ላይ እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ 22ቱ ኪሳራዎች በእርግጥም በዚያው ተዘግተዋል። በቀሩት 8 ግን ዋጋው ወደ ስቶፑ ሲቀርብ ገበያው ይመለሳል ብዬ ስቶፑን ስላራቅሁት፣ እያንዳንዳቸው በአማካይ 42 ዶላር ወሰዱ። እነዚያን 8 በ12 ዶላር ብዘጋቸው ኖሮ 130 ዶላር አተርፍ ነበር ብዬ ተጽናናሁ፤ ይህ ግን ትክክለኛ ስሌት አልነበረም።

ካሸነፍኋቸውም መካከል 6ቱ ስቶፑን በማራቄ ብቻ የተረፉ ነበሩ። ደንቡን ብጠብቅ ኖሮ እነርሱም በ12 ዶላር ኪሳራ ይዘጉ ነበር። የእነርሱም አማካይ ትርፍ 7 ዶላር ስለነበር፣ የተስተካከለው መዝገብ 64 ትርፍ በ7 ዶላር፣ 36 ኪሳራ በ12 ዶላር ሆነ፦ 448 ሲቀነስ 432፣ ማለትም 16 ዶላር። በአንድ ግብይት የሚደርሰው 16 ሳንቲም ብቻ ነው። የጎደለኝ ሥርዓት ብቻ መስሎኝ ሳለ፣ ስልቱ ራሱ ከዜሮ እምብዛም እንዳልራቀ ያኔ ተረዳሁ። ያለፈ መዝገባችሁን ስታርሙ ስሕተቱ የጎዳችሁን ብቻ ሳይሆን የጠቀማችሁንም ግብይት እንድታርሙ አደራ እላችኋለሁ፤ ብዙ ሰው ራሱን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው።

ያም 16 ሳንቲም ቢሆን የሚታመን አልነበረም። አንዱ ግብይት 7 ሲሰጥ ሌላው 12 የሚወስድ በመሆኑ ውጤቱ በየግብይቱ በ9 ዶላር ገደማ ይዋዥቃል፤ በ100 ግብይት አማካዩ ራሱ በ90 ሳንቲም ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በዕድል ብቻ ሊለዋወጥ ይችላል። መዋዠቁ የሚቀንሰው በግብይቱ ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ፣ በአንድ ግብይት የ1 ዶላር ትርፍን እንኳ ከዕድል ለመለየት ከ300 በላይ ግብይት ያስፈልግ ነበር። በ30 ግብይት ስልቴ ይሠራል ስትሉኝ ዝም የምለው ይህን ስለማስብ ነው።

ሁሉም ቁጥሮች ስፕሬድ፣ ማለትም የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነት፣ እንዲሁም ኮሚሽን ከተቀነሰ በኋላ የተመዘገቡ ናቸው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ከወጪ በፊት 0.1 የሚሆን ኤክስፔክታንሲ፣ የምንዛሪ ዋጋ ለውጥ በሚለካበት ትንሽ አሃድ በፒፕ ስንቆጥር፣ ስቶፑ 10 ፒፕ ሆኖ ወጪው 1 ፒፕ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ስቶፑ 50 ፒፕ ከሆነ ግን ያው ወጪ የሚወስደው 0.02 ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በመዝገቤ ላይ «ስቶፑን አርቄዋለሁ ወይ?» የሚል አንድ ዓምድ ጨመርሁ፤ ያራቅሁባቸውንም ግብይቶች፣ ቢያተርፉም ቢከስሩም፣ ለብቻቸው አሰላቸው ጀመር።