መልስ፦ ለማይታወቅ አንባቢ «አንተ» ወይስ «አንቺ»?

«ድሬዳዋ ላለ ክሊኒክ የመድኃኒት መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ እየተረጎምሁ ነው። ታካሚው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ምን ልበል?»

በአማርኛ «እርስዎ» ይገላግለናል፤ በዐረብኛ ግን «ሐድረትክ» ብለው ቢያከብሩም ግሡ ጾታን ያጋልጣል። ልማዱ በወንድ መጻፍ ነው፤ እኔ ግን መድኃኒት ለምትወስድ እናት «ኹዝ»፣ ማለትም «ውሰድ»፣ ማለቱ አይዋጥልኝም። «መድኃኒትዎን ከምግብ በኋላ ይውሰዱ» የሚለውን «ዩእኸዝ አድደዋእ በዕድ አልአክል» ያድርጉት፤ መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ ይወሰዳል ማለት ነው።

«መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ለሚለው «ሀል አኸዝት ደዋአክ» ይበቃል። ለወንድ የሚባለው «አኸዝተ» እና ለሴት የሚባለው «አኸዝቲ» በጽሑፍ የሚለዩት በአናባቢ ምልክት ብቻ ስለሆነ ምልክቱን ይተዉት። በድምፅ የሚቀረጽ ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሠራም፤ ተናጋሪው አንዱን መምረጡ ግድ ነው። ለነፍሰ ጡሮች በተጻፈው ገጽ ላይ ያለ ማመንታት በሴት «ኹዚ» ይበሉ።